የክፍሉ ፎቶ ሲጠፋ ልኩን በጽሑፍ እንዴት እንላክ? ለሴራሚክ እና ለቀለም ግምት

ሐዋሳ ውስጥ የቤት ማጠናቀቂያ ሥራ እሠራለሁ። ቀለምና ሴራሚክ። ግምት ስሠራ ብዙ ጊዜ የምነሳው ከፎቶ ነው። ደንበኛው ክፍሉን ያነሳል፣ ልኩን ፎቶው ላይ ይጽፍበታል፣ ይልክልኛል። እኔም ከዚያ ስንት ካሬ እንደሆነ አወጣለሁ።

ባለፈው ስልኬ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሞተ። በውስጡ የነበረው የአንዲት አቶቴ ሰፈር የሚኖሩ እናት የሳሎንና የመታጠቢያ ቤት ፎቶ አብሮ ሄደ። እሳቸውም ስልካቸው ሞልቶ ስለነበር ከጋለሪያቸው አጥፍተውታል። ልጃቸው አዳማ ነው የሚሠራው። ሴራሚኩን ከዚያው ገዝቶ በአይሱዙ ሊጭነው ቀን ቆርጧል። የቀረኝ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሳሎን 60 በ60፣ 18 ካርቶን።»

ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ፎቶው ጠፍቶብኛል። ልኩን በጽሑፍ ይላኩልኝ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይህ መጣ፦

«ሳሎን 5 በ 4። መታጠቢያ 2 በ 1 ተኩል።»

ይህን መልእክት ስንቶቻችን እንደምንልከው አውቃለሁ። ችግሩ ከዚህ ተነስቼ ብገምት ሴራሚኩ ያንሳል። ለምን እንደሚያንስና ምን ቢጻፍ እንደሚስተካከል በእሳቸው ቤት ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፦ የተረፈው ወረቀት ምን ይላል?

ፎቶው ቢጠፋም ከሱ የወጣ ቁጥር አንድ ቦታ ሊኖር ይችላል። የድሮ ግምት፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ደብተር ላይ የተጫረ ቁጥር። እሱን ፈልጉ። ልኩን አይተካም፣ ግን አዲሱን ልክ ለመፈተሽ ይጠቅማል።

ቴሌግራም ላይ የተላከ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ከስልኩ ጋለሪ ስለጠፋ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። የተለመደው የቴሌግራም ንግግር የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በቴሌግራም በኩል ነው። በሌላ ስልክ በዚያው ቁጥር ስትገቡ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የእኛ ግን በሌላ መንገድ የተላከ ስለነበር አልተገኘም።

አሁን የእትዬን መልእክት ከደብተሬ ጋር አስተያዩት። 5 በ 4 ማለት 20 ካሬ ነው። በሥራ ላይ ለሚቆረጥና ለሚሰበር 10 በመቶ ብንጨምር 22 ካሬ ይሆናል። 60 በ60 ሴራሚክ በብዛት በአንድ ካርቶን 4 ፍሬ ነው፤ ይህም 1.44 ካሬ ይሸፍናል። 22ን ለ1.44 ስናካፍል 15.3 ይመጣል፤ ስለዚህ 16 ካርቶን።

ደብተሬ ግን 18 ይላል። 18 ካርቶን 25.92 ካሬ ነው። ጭማሪውን ብናወጣለት እንኳ ወደ 23 ካሬ ተኩል ይቀራል። 20 እና 23 ተኩል አይገናኙም። አንዱ ቦታ ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

ሁለት ካርቶን ትንሽ ልትመስል ትችላለች። ግን የሴራሚክ ካርቶን ላይ የቀለም ቶንና የምርት ቁጥር ይታተማል። ዛሬ 16 ገዝታችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለ2 ካርቶን ብትመለሱ ስሙ አንድ የሆነ፣ ቶኑ ግን ትንሽ የተለየ ሴራሚክ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ሳሎን መሃል ላይ ሲነጠፍ ልዩነቱ ይታያል። ሌላው ቢቀር ከአዳማ ሁለት ካርቶን ለማምጣት የሚወጣው የመጓጓዣ ሂሳብ ያናድዳል።

በሴንቲሜትር ብቻ ጻፉ

ከሁሉም በፊት ይህን ልመናዬን ስሙ። «5.2» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። እኔ አምስት ሜትር ከሃያ ብዬ አነበብኩት። እሱ ግን አምስት ሜትር ከሁለት ሴንቲ ማለቱ ነበር። በንግግር «አምስት ከሁለት» ስንል ምን እንደሆነ ድምፁም ሁኔታውም ይነግረናል። ጽሑፍ ላይ ግን ነጥቧ ብቻዋን ትቀራለች።

ስለዚህ ነጥብ ጭራሽ አትጠቀሙ። 520 ወይም 502 ብላችሁ ጻፉ። ሴንቲሜትር መሆኑን መልእክቱ አናት ላይ አንዴ ግለጹ፣ በቃ። ወደ ካሬ መቀየር የገማቹ ሥራ ነው።

ሜትሩን ስትይዙ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ ሜትሮች አንደኛው ጠርዛቸው ሴንቲሜትር፣ ሌላኛው ኢንች ነው። ሴንቲውን እያነበባችሁ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ነው። ሜትሩ ጥግ ላይ ሲደርስ ይጎብጣል፤ ሰው በግምት ያነበዋል፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ እዚያ ይጠፋል። የሜትሩ ሳጥን ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ የሳጥኑ ስፋት ተጽፏል። ሳጥኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ከአፉ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር በሳጥኑ ስፋት ላይ ደምሩ። ካልተጻፈ ሳጥኑን ራሱን ለኩት።

ከቤቱ ፕላን ላይ ልክ ገልብጣችሁ አትላኩ። ፕላን ላይ ያለው ቁጥር ከውጭ እስከ ውጭ ሊሆን ይችላል። 20 ሴንቲ ብሎኬት ላይ የውስጥና የውጭ ልስን ሲጨመር ግድግዳው ከ20 በላይ ይወፍራል፤ በሁለት በኩል ሲሆን ከ40 ሴንቲ በላይ ልዩነት ያመጣል። እኛ የምንፈልገው ከልስን እስከ ልስን፣ ከውስጥ ነው።

ግድግዳዎቹን ስም ስጧቸው

ፎቶ ላይ ጣት ቀስሮ «ይሄኛው» ማለት ይቻላል። ጽሑፍ ላይ ግን «የመስኮቱ ግድግዳ» ስትሉኝ ሁለት መስኮት ያለበት ክፍል ቢሆንስ? «የቀኙ» ስትሉኝ ወደየት ዞራችሁ ነው?

እኔ የምጠቀምበት መንገድ ይህ ነው። በዋናው በር ግቡና ደፉ ላይ ቁሙ። ፊታችሁን ወደ ክፍሉ ውስጥ አድርጉ። በግራችሁ ያለው ግድግዳ ሀ ነው። ፊት ለፊታችሁ ያለው ለ። በቀኛችሁ ያለው ሐ። በሩ ያለበት፣ ጀርባችሁ ያለው መ። በዚህ ቅደም ተከተል ሁሌም ይሄዳል። በር ሁለት ከሆነ በየትኛው በር እንደቆማችሁ ጻፉ።

አራቱንም ለኩ። «ሀ እና ሐ ትይዩ ናቸው፣ እኩል ናቸው» ብላችሁ አንዱን አትተዉ። እኩል የሚሆኑበት ቤት ከስንት አንዴ ነው የሚያጋጥመኝ። የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ሴንቲ ከሆነ ጤነኛ ነው። 20 እና 30 ሴንቲ ከሆነ ግን ወይ ክፍሉ ጠማማ ነው ወይ አንዱ ተሳስቷል። እንደገና ለኩት።

ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ወለሉ ላይ፣ በሰያፍ ሁለቱንም ለኩ። ይህን ማንም አይልክልኝም፤ ቢላክልኝ ግን ደስ ይለኛል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ክፍሉ ቀጥ ያለ ነው። ካልሆኑ ሴራሚኩ አንዱ ግድግዳ ጋ እየጠበበ ይሄዳል፣ የሚቆረጠውም ይበዛል።

እትዬ ጋ ሲለካ አንዱ ሰያፍ 661፣ ሌላው 667 መጣ። ይህ ማለት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲኬድ ግድግዳው ወደ 4 ሴንቲ ገደማ ይሸሻል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሠራተኛ የተቆረጠውን መስመር ሶፋው የሚቆምበት ግድግዳ ጋ ይወስደዋል። ያላወቀ በሩ ጋ ይጨርሰውና ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሆናል።

ከፍታ፣ በርና መስኮት

ከፍታ ስትለኩ ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ሥር ነው። ኮርኒሱ ገና ካልተሠራ ይህንኑ ጻፉ፣ የት ላይ እንደሚያርፍም ግለጹ። ከኮርኒስ በላይ የሚቀረው ግድግዳ ቀለም አይቀባም። በወለሉ በኩልም እንዲሁ ነው፤ ሴራሚክ ሲነጠፍ ከነማጣበቂያው ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የለካችሁት ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ነው ወይስ በፊት? አንድ ቃል ይበቃል።

ለበርና ለመስኮት ወርዱንና ቁመቱን ከነፍሬሙ ለኩ። በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ አብራችሁ ጻፉ። ለመስኮት ደግሞ አንድ ሦስተኛ ቁጥር አለ፤ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ሥር ያለው ከፍታ። ለሳሎን ብዙም ላያስፈልግ ይችላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ሴራሚኩ መስኮቱን ይነካው አይነካው የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

አንዳንድ ቀለም ቀቢ ትንሽ መስኮት ከካሬው አይቀንስም። የመስኮቱን ዙሪያ መቀባት ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ ምክንያቱ አይከፋም። እናንተ ግን ልኩን ሙሉ ጻፉ። ይቀነስ አይቀነስ የሚለውን በዋጋ ንግግር ጊዜ ትስማማላችሁ።

ፎቶው ሳይናገር የሚያሳየው ነገር

በጽሑፍ ልክ ስንልክ የምንረሳው ይህን ነው። ፎቶ ሲላክልኝ ቁጥሮቹን ብቻ አይደለም የማየው። ግድግዳው ስቱኮ ተመትቷል ወይስ ልስኑ ባዶ ነው? የድሮው ቀለም ይላላጣል? ከሥር እርጥበት ወጥቶ ነጭ አበባ የመሰለ ነገር አለ? ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው ወይስ ይነሳል? ኮለን ወጣ ብሎ ይታያል? እነዚህን ማንም አይጽፍልኝም፤ ፎቶው ስለሚያሳይ። ፎቶው ሲጠፋ አብረው ጠፉ።

ኮለኑን እንያዝ። እትዬ ሳሎን ውስጥ ሀ ግድግዳ መሃል ላይ ኮለን አለ። ወርዱ 30 ሴንቲ፣ ከግድግዳው ወደ ውስጥ 15 ሴንቲ ይወጣል። ይህ ለቀለም ስንት ይጨምራል? የፊቱ 30 ሴንቲ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ስለሚሸፍን ምንም አይጨምርም። ሁለቱ ጎኖቹ ግን 15 እና 15፣ በድምሩ 30 ሴንቲ ይጨምራሉ። ያው ኮለን ጥግ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ምንም አይጨምርም ነበር፤ በአንድ በኩል የሚሸፍነውን በሌላ በኩል ይመልሰዋል። ለዚህ ነው «ኮለን አለ» ብቻ የማይበቃው። የት እንዳለ፣ ስንት እንደሚሰፋና ስንት ወደ ውስጥ እንደሚወጣ ጻፉ።

የግድግዳውን ሁኔታ በተመለከተ ብዙ ማብራራት አይጠበቅባችሁም። እጃችሁን አሳልፉበት። እንደ መስታወት ከለሰለሰ ስቱኮ ያለው ነው። አሸዋው ከቆረቆራችሁ ልስን ብቻ ነው። እጃችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ደግሞ የድሮው ቀለም ተዳክሟል፤ ሳይፋቅ አዲስ አይያዝም። ያገኛችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ ልስን ብቻ ያለው ግድግዳ ቀለም ይጠጣል፤ ስቱኮ ያለውን ያህል በአንድ ሊትር አይሸፈንም።

ሴራሚኩ የት ይቆማል? ዞኮሎስ አለ?

ለመታጠቢያ ቤት ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የእትዬ መታጠቢያ ቤት ሲለካ 210 በ160 ሆነ። የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 740 ሴንቲ ነው። ክፍሉ 280 ከፍታ አለው። በሩ 70 በ210። መስኮቱ 60 በ60፣ ከወለሉ 170 ላይ ይጀምራል።

ሴራሚኩ እስከ በሩ አናት፣ 210 ላይ ቢቆም ይህን እናገኛለን። 7.40 በ2.10 ማለት 15.54 ካሬ። በሩን 1.47 እንቀንሳለን። መስኮቱ ከ170 ስለሚጀምር ሴራሚኩ ውስጥ የሚገባው 40 ሴንቲው ብቻ ነው፤ 0.24 እንቀንሳለን። 13.83 ካሬ ይቀራል። 10 በመቶ ስንጨምር 15.21፣ በ1.44 ካርቶን ሲካፈል 11 ካርቶን።

እስከ ኮርኒስ ቢሄድ ደግሞ 20.72 ካሬ፣ በሩና ሙሉው መስኮት ሲቀነሱ 18.89። ከነጭማሪው 15 ካርቶን። የክፍሉ ልክ አልተለወጠም፤ «እስከ የት» የሚለው አንድ ቃል ብቻ አራት ካርቶን ጨመረ።

ለሳሎን የሚረሳው ዞኮሎ ነው። በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደው። የሚቆጠረው በሜትር ርዝመት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከራሱ ከወለሉ ሴራሚክ ይቆረጣል። ይኖራል አይኖርም፣ ከኖረ ከፍታው ስንት ይሁን፣ ከምን ይሠራ? ይህን ጻፉ። የእትዬ 20 ካሬ ከደብተሬ 18 ካርቶን ጋር ያልተገናኘበት ግማሹ ምክንያት ይኸው ነበር።

እንግዲህ መልእክቱ ይህን ይመስላል

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መልእክት። ሁለት ክፍል በአንድ አትቀላቅሉ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ግማሹ እየተቆረጠ ይቀራል። እትዬ በሁለተኛው ቀን ጎረቤታቸው ሜትሩን ይዞላቸው የላኩት ይህ ነው፦

ሳሎን። ሁሉም በሴንቲሜትር፣ ከውስጥ፣ ከልስን እስከ ልስን። ሴራሚክ ገና አልተነጠፈም።
የቆምኩት ዋናው በር ላይ ነው።
ሀ (ግራ) 412። መሃሉ ላይ ኮለን አለ፣ ወርዱ 30፣ ወደ ውስጥ 15 ይወጣል።
ለ (ፊት ለፊት) 520። መስኮት 180 በ140፣ ከወለል 90።
ሐ (ቀኝ) 410። የኮሪደር በር 80 በ210።
መ (በሩ ያለበት) 523። ዋናው በር 90 በ210።
ሰያፍ፦ 661 እና 667።
ከፍታ እስከ ኮርኒስ 280። ኮርኒሱ አይቀባም።
ግድግዳው ስቱኮ ያለው፣ አይላላጥም። ሐ ላይ ከሥር ትንሽ እርጥበት አለ፣ ወደ 100 ርዝመት፣ 30 ከፍታ።
ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ። ሴራሚክ 60 በ60፣ ቀጥ ያለ አነጣጠፍ። ዞኮሎ ከራሱ ሴራሚክ፣ ከፍታ 10።

አሥራ ሁለት መስመር አይሞላም። ይህን ይዞ ክፍሉን አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ወረቀት ላይ ሊስለው ይችላል። መልእክቱ በቂ መሆኑን የምታውቁትም በዚሁ ነው፦ ከመላካችሁ በፊት ሌላ የቤት ሰው ይህን ብቻ አይቶ ክፍሉን ይሳለው። መስኮቱን የተሳሳተ ግድግዳ ላይ ካደረገው ጽሑፉ ይስተካከል።

ስሌቱን ለራሳችሁ ተከታተሉት

ወለሉ። ረጃጅሞቹን ጎኖች እንውሰድ፤ 5.23 በ4.12፣ 21.55 ካሬ። ከነ10 በመቶው 23.70። ለ1.44 ሲካፈል 17 ካርቶን።

እኔ ግን በካሬ ብቻ አላምንም፤ በፍሬም እቆጥራለሁ። 523 ለ60 ሲካፈል ስምንት ሙሉና ቁራጭ ነው፤ ዘጠኝ ረድፍ። 412 ለ60 ስድስትና ቁራጭ፤ ሰባት። ዘጠኝ ጊዜ ሰባት 63 ፍሬ። 17 ካርቶን 68 ፍሬ አለው፤ አምስት ይተርፋል።

ዞኮሎው። የአራቱ ግድግዳ ድምር 1865 ነው። የኮለኑ ጎኖች 30 ሲጨመሩ 1895። ሁለቱን በሮች 170 ቀንሱ፤ 1725 ይቀራል። በ60 ሴንቲ ቁራጭ 29 ቁራጭ ያስፈልጋል። ከአንድ 60 በ60 ሴራሚክ ባለ 10 ሴንቲ ቁራጭ ስድስት ይወጣል ትሉ ይሆናል። መቁረጫው የሚበላው ስላለ አምስት ብለን እንያዝ። ስለዚህ 6 ፍሬ።

63 እና 6፣ 69 ፍሬ። 17 ካርቶን 68 ነው፤ አንድ ሳይሰበር እንኳ አይበቃም። 18 ካርቶን 72 ፍሬ ነው፤ ሦስት መጠባበቂያ ይኖራል። ደብተሬ ላይ የነበረው 18 ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። ጎበዝ ሠራተኛ ዞኮሎውን ከሚተርፈው ቁራጭ እያወጣ ትንሽ ሊቆጥብ ይችላል። ግን ይህ በቅድሚያ የሚቀነስ ሂሳብ አይደለም።

ቀለሙ። 18.95 በ2.80 ማለት 53.06 ካሬ። ሁለቱ በሮችና መስኮቱ በድምሩ 6.09 ናቸው። 46.97 ካሬ ይቀራል። ሁለት ዙር ሲቀባ ወደ 94 ካሬ። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ልስልስ ግድግዳ ላይ በአንድ ዙር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ይህ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እዩ። 9.4 ሊትር ይመጣል። ቀለሙ ወፈር ብሎ በሊትር 8 ካሬ ብቻ ቢሸፍን 11.7 ሊትር። በሁለቱም ስሌት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ከሆነ 3 ጋሎን። ሐ ላይ ያለው እርጥበት ግን በቀለም አይፈታም። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። ካልሆነ በወራት ውስጥ ይላላጣል።

ቤቱ ተዘግቶ መለካት ካልተቻለስ?

ተከራይ ገብቶበት ወይም ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ሆኖ ሜትር መያዝ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ወለሉ ላይ የድሮ ሴራሚክ ካለ ተከራዩ ይቁጠርላችሁ። 30 በ30 ሴራሚክ ከሆነ በአንድ በኩል 14 ሙሉና ግማሽ ገደማ ካለ 435 አካባቢ ነው። የበር ቁመት ብዙ ጊዜ 210 ስለሆነ ከበሩ በላይ ስንት እንደሚቀር በዓይን መገመት ይቻላል። እንዲህ የተገኘ ቁጥር አጠገብ ግን «ተቆጥሮ የተገመተ» ብላችሁ ጻፉ። ለዋጋ ንግግር ይሆናል። ገንዘብ ከፍሎ ሴራሚክ ለማስጫን ግን አይሆንም።

ስልክ ላይ ሆኖ አንዱ እየለካ ሌላው የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ የጻፈው ሰው መልሶ ያንብብ። «አራት አንድ ሁለት» እያለ፣ ቁጥር በቁጥር። ስልክ ላይ ሃምሳና ስልሳ ሲምታቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የእትዬ ልጅ 18 የሳሎን፣ 11 የመታጠቢያ ግድግዳ ካርቶን ብዬ ስነግረው ለመጫን ሲዘጋጅ እናቱ አንድ መልእክት ጨመሩ። «ልጄ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ከፍ ያለ ደፍ አለ። እሱንስ ቆጥረኸዋል?» አልቆጠርኩትም። የጠፋው ፎቶ ላይም አይታይም ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ሸፍኖታል። «ከፍታው ስንት ነው እትዬ? ስፋቱስ?» ብዬ ጻፍኩላቸው። «ከፍታ 8፣ ስፋት 20፣ ርዝመት 70። ሴንቲሜትር» ብለው መለሱ።